ስፌቱ ወደ ውጭ የወጣ ልብስ

ልደታ አካባቢ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ኮት ለማሳጠር ወስዶ፣ ኮቱ ሲፈታ ቆሞ ያየ ሰው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግማሹ ገብቶታል። ገበሩ ሲገለጥ ከደረቱ በኩል ኮቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠጣር ጨርቅ፣ ከትከሻው ላይ ስፖንጅ፣ ከጠርዙ ደግሞ ጨርቁ እንዳይተረተር ወደ ውስጥ የታጠፈ ቅምቅማት ይታያል። ኮቱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን ከእነዚህ አንዱም አይታይም። የልብስ ሥራ ሙያ ለረጅም ዘመን ሲለካ የኖረው እነዚህን በመደበቅ ነው። ካለፉት 40 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሆን ብለው የተደበቀውን ወደ ውጭ የሚያወጡ ነዳፊዎች ተነሥተዋል። የልብሳቸው ስፌት ይታያል፤ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ ጠርዙም ያልተቀመቀመ ነው።

መነሻው ጃፓን ነው። ሬይ ካዋኩቦ ኮም ዴ ጋርሶን የተባለውን የልብስ ድርጅቷን በ1969 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ መሠረተች፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ እርሷና ዮጂ ያማሞቶ ሥራቸውን ወደ ፓሪስ ይዘው መጡ። ካዋኩቦ በቀጣዩ ዓመት ያቀረበችው ጥቁር የሱፍ ሹራብ ቀዳዳ የበዛበት ነበር። ቀዳዳው በመቀስ የተቀደደ አይደለም። የሹራብ መሥሪያው ማሽን ብሎን ላላ ተደርጎ፣ ማሽኑ ራሱ ክሩን እየሳተ የሠራው ነው። ፋብሪካ እንደ ጉድለት የሚጥለውን ነገር ሆን ብላ የአሠራር ዘዴ አደረገችው።

ሐሳቡን ወደ ስፌት ያወረደው ግን ቤልጅየማዊው ማርቲን ማርጂዬላ ነው። የፋሽን ቤቱን በ1988 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከፈተ። በ1997 እ.ኤ.አ. ካቀረባቸው ልብሶች አንዱ ልብስ ሰፊዎች ለመለካት የሚጠቀሙበትን የቆመ ቅርጽ የሚመስል እጅጌ የሌለው የበፍታ ሰደርያ ነበር። የቅርጹ ጨርቅ ራሱ ልብስ ሆነ። በላዩ ላይ ደግሞ ገና በመሰካት ላይ ያለ የቀሚስ ግማሽ የሚመስል ስስ ጨርቅ ተደርቦ ታየ። ሰው የሚገዛው ልብስ ሳይሆን የልብሱ አሠራር አንድ ደረጃ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ልብስ ግድ የለሽ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከተለመደው ይከብዳል። በተለመደው ስፌት የሁለቱ ጨርቆች ፊት እርስ በርሱ ተያይዞ ይሰፋል፤ ሲገለበጥ የክሩም የመቀሱም ስሕተት ውስጥ ይቀራል። ስፌቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን የተጣመመ መስመር ሁሉ ለዓይን የተጋለጠ ነው። ሁለቱ ጎን የማይመሳሰል ልብስም ጨርቁን አጥፎ በአንድ ጊዜ መቁረጥን አይፈቅድም። ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ ይነደፋል፤ ጨርቅም ይበላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከባዱ ጎን ቀላሉን ይጎትተዋል፤ ይህም ሰው ለብሶት ሲራመድ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይታወቅም።

ያልተቀመቀመውን ጠርዝ በቅርብ መመርመር ይጠቅማል። ጨርቅ ድርና ማግ ስለሆነ በቀጥታ የተቆረጠበት ቦታ መተርተሩ አይቀርም። ብልህ ሰፊ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ የማሽን ስፌት ያሳልፋል፤ ክሩ እስከዚያ ድረስ ተተርትሮ ይቆማል። ወይም ጨርቁን በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ ሰያፍ ጠርዝ ብዙ አይተረተርም። ነገር ግን በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ርዝመቱ ከመወሰኑ በፊት ተሰቅሎ ማደር አለበት። ይህ ካልተደረገ ከጥቂት መልበስ በኋላ አንዱ ጎን ወርዶ ይገኛል። ታስቦበት የተሠራውን በግዴለሽነት ከተሠራው የሚለየው ይኸው ነው። ጥሩው ታጥቦ ሲመለስ ጠርዙ የቆመበት ቦታ አይለወጥም።

እንዲህ ያለው ልብስ ከተለመደው ፋሽን ጋር ይከራከራል። ፋሽን ተጠናቅቆ እንደ ተወለደ ነገር ራሱን ያሳያል፤ በመሃል እጅ፣ ጊዜና ሙያ እንደገባ ያስረሳል። የሚታይ ስፌት ሠሪውን መልሶ ያመጣል። በየወቅቱ አሮጌ እየተባለ የሚጣለውን ልብስም ይጠይቃል፤ ገና ያላለቀ ነገር ጊዜው አለፈበት ሊባል አይችልምና። ማርጂዬላ ስሙን እንኳ ከልብሱ አንሥቶ ባዶ ነጭ ጨርቅ በአራት ነጭ ስፌት ብቻ አያያዘ። እነዚያ አራት ስፌቶች ከጀርባ በኩል ስለሚታዩ ውለው አድረው ራሳቸው ዝነኛ ምልክት ሆኑ፤ ክርክሩ ገበያን ሙሉ በሙሉ ማምለጥ እንዳልቻለ ያሳያል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ነጠላን ማሰቡ ተገቢ ነው። ነጠላ ሁለት የሸማ ስፋት ጎን ለጎን ተሰፍቶ የሚሠራ ሲሆን ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው። ቅርጽ የሚሰጠው የለባሹ አካል ነው፤ በለቅሶ ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ልብሱ ሳይነካ ትርጉሙ ይለወጣል። ሆኖም ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ይመስለኛል። የነጠላው ዘርፍ ሸማኔው ከመነሻው ያሰበበት ፍጻሜ ነው፤ የማርጂዬላ ጠርዝ ግን ፍጻሜ ለተባለው ነገር መልስ ነው።

በሸማ እንዲህ ያለ ልብስ ልሥራ የሚል ሰፊ የሚገጥመው ችግርም አለ። ሸማ ላላ ብሎ ስለሚሸመን መቀስ እንደነካው ይተረተራል፤ ስፌቱም ሲጎተት ክሩ ከስፌቱ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ የሚቆረጥበት መስመር ግራና ቀኝ አስቀድሞ ይሰፋል፤ በመካከሉ ይቆረጣል፤ ለስፌቱም ከተለመደው ሰፋ ያለ ትርፍ ይተውለታል።