ቨርቹዋል ስቴጂንግ

ቨርቹዋል ስቴጂንግ ማለት በአንድ ባዶ ክፍል ፎቶግራፍ ውስጥ የቤት ዕቃዎችን በኮምፒዩተር የማስገባት ሥራ ነው። በብዛት የሚያገለግለው ለሽያጭ ወይም ለኪራይ በቀረቡ ቤቶች ማስታወቂያ ላይ ነው። የባዶ ክፍልን ስፋት በፎቶ ብቻ መገመት ያስቸግራል። አልጋ ወይም ጠረጴዛ ሲገባበት ግን ተመልካቹ ክፍሉን በሚያውቀው ዕቃ ይለካዋል። ስለዚህ የዕቃው መጠን ከተሳሳተ የክፍሉም ስፋት ተሳስቶ ይታያል። ሥራው እውነት እንዲመስል በተለይ ሁለት ነገሮች መስተካከል አለባቸው፤ እነርሱም የዕቃው መጠን እና ዕቃው ወለሉን በሚነካበት ቦታ ያለው ጥላ ናቸው።

## መጠንን ከአድማስ መስመር ማግኘት

በመጀመሪያ የፎቶው የአድማስ መስመር ይፈለጋል። ወደ ውስጥ የሚሄዱት የግድግዳና የወለል፣ እንዲሁም የግድግዳና የጣሪያ መጋጠሚያ መስመሮች ሲራዘሙ በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ነጥብ ላይ የሚያልፈው አግድም መስመር የአድማስ መስመር ነው። ካሜራው ሳያዘነብል ከተያዘ ይህ መስመር ሁልጊዜ በካሜራው ከፍታ ልክ ያልፋል። ለምሳሌ ካሜራው ከወለሉ 1.40 ሜትር ላይ ከነበረ፣ መስመሩ በሩቁ ግድግዳም ሆነ በቅርቡ ወንበር ላይ የሚያርፈው ከወለሉ 1.40 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ቁመቱ 3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ አለ እንበል። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር የአድማስ መስመሩ 1500ኛው ረድፍ ላይ ነው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ 2.10 ሜትር ቁመት ያለው በር አለ፤ ጫፉ 1290ኛው፣ ግርጌው 1920ኛው ረድፍ ላይ ነው። የበሩ ቁመት 630 ፒክስል ስለሆነ በዚያ ርቀት 1 ሜትር 300 ፒክስል ይሆናል። ከበሩ ግርጌ እስከ አድማሱ 420 ፒክስል አለ። ይህን ለ300 ስናካፍል የካሜራው ከፍታ 1.40 ሜትር ሆኖ ይገኛል።

አሁን 75 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 1.20 ሜትር ርዝመት ያለው ጠረጴዛ፣ የፊት እግሮቹ 2340ኛው ረድፍ ላይ እንዲያርፉ ይፈለጋል። ከዚያ ረድፍ እስከ አድማሱ 840 ፒክስል ነው፤ ይህም 1.40 ሜትርን ይወክላል። ስለዚህ በዚህ ቦታ 1 ሜትር 600 ፒክስል ነው።

```
ቁመት  = 0.75 × 600 = 450
ርዝመት = 1.20 × 600 = 720
```

የጠረጴዛው የፊት ጠርዝ 1890ኛው ረድፍ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ያው ጠረጴዛ ወደ በሩ ግድግዳ ቢጠጋ ቁመቱ 225 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ይህ ስሌት ካሜራው ላዘነበለበት ፎቶ አይሠራም። በሮችና የግድግዳ ማዕዘኖች ወደ አንድ ወገን ተጣመው ከታዩ፣ ፎቶው አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

## የንክኪ ጥላ

መጠኑ ትክክል የሆነ ዕቃም ጥላው ከጎደለ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ምክንያቱም በክፍል ውስጥ ብርሃን ከመስኮት ብቻ ሳይሆን ከግድግዳና ከጣሪያ እየተንጸባረቀ ከየአቅጣጫው ይመጣል። የጠረጴዛ እግር ወለሉን በሚነካበት ጠባብ ቦታ ግን ከዚህ ብርሃን ብዙው አይደርስም። በዚህ የተነሣ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ውስጥ እንኳ ከእግሩ ሥር ጠቆር ያለ ቀጭን ጥላ ይኖራል። ይህ የንክኪ ጥላ ይባላል።

በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ሲሠራ ሁለት ንብርብሮች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም `Multiply` በሚባለው ሁኔታ ይደረባሉ። አንደኛው ከእግሩ ጠርዝ የማይርቅ ጠባብና ጠቆር ያለ ነው። ሁለተኛው ሰፋና ሳሳ ብሎ ከመስኮቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ከዕቃው በራቀ ቁጥርም ጠርዙ እየደበዘዘ ይሄዳል። በብሌንደር ለሚሠራ ደግሞ ከዕቃው ሥር ዝርግ ገጽ ተዘርግቶ `Shadow Catcher` የሚለው ምርጫ ይበራል፤ ገጹ ራሱ ሳይታይ ጥላው ብቻ ይቀራል።

የጥላው ጥቁረት በግምት አይወሰንም። በፎቶው ውስጥ ቀድሞ ያለ ጥላ፣ ለምሳሌ በበሩ ጥግ ያለው፣ መለኪያ ይሆናል። ድፍን ጥቁር ጥላ ሐሰተኛነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የእንጨት ወለል ጥላ ቡናማነቱን እንደያዘ ነው የሚጨልመው። በሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ጥላው ብቻውን አይበቃም፤ የእግሮቹ ነጸብራቅም ያስፈልጋል።

## የሚያሳስት አጠቃቀም

ትልቁ ችግር ዕቃን ሆን ብሎ ማሳነስ ነው። በ2.90 ሜትር ስፋት ክፍል ውስጥ 2 ሜትር የሚረዝም አልጋ በስፋቱ አቅጣጫ ቢገባ 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። አልጋው በ10 በመቶ ካነሰ ግን ፎቶው 1.10 ሜትር ያሳያል። ተመልካች ይህን ከላይ በተገለጸው የአድማስ መስመር ዘዴ ሊያረጋግጥ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ 12ኛ አንቀጽ የማኅበሩ አባላት በማስታወቂያቸው እውነተኛውን ገጽታ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ስለሆነም ፎቶው ዕቃ የተጨመረበት መሆኑን መግለጽና የባዶውን ክፍል ፎቶ አብሮ ማቅረብ ተመልካቹን ከመሳሳት ያድነዋል።