«አልኮል የለውም» የተባለው ሽቶ ለምን አንገቷን አሳከካት?



ባለፈው ወር አንዲት የ24 ዓመት እህታችን አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ወደ ክፍሌ ገባች (ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው)። ከሁለቱም ጆሮዎቿ ጀርባና በአንገቷ ግራና ቀኝ ቆዳዋ ቀልቷል፣ ያሳክካታል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ትንንሽ ውሃ ቋጥሯል። የእጇ አንጓዎችም በውስጥ በኩል እንደዚያው ናቸው። እሷ የጠረጠረችው የጆሮ ጌጧን ነበር። ጌጥ ውስጥ ያለ ኒኬል እውነትም ቆዳ ያስቆጣል፤ ግን እሱ ቢሆን ኖሮ የሚጀምረው ከተበሳው የጆሮ ጫፍ ነበር። የእሷ ደግሞ ጫፉ ደህና ነው። «ሽቶ የምትቀቢው የት የት ነው?» ስላት ሳታስበው በጣቷ እነዚያኑ ቦታዎች አሳየችኝ።

«ግን ዶክተር፣ እኔ እኮ አልኮል ያለበትን ትቻለሁ! ወንድሜ ከጅዳ ያመጣልኝ ዘይት ነው፤ ምንም አያደርግም ተብዬ ነው።»

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዐረቦቹ ዒጥር፣ ህንዶቹ አታር የሚሉት የዘይት ሽቶ በጥንቱ አሠራር፣ ለምሳሌ በህንዷ ካናውጅ ከተማ፣ አበባውን ከውሃ ጋር በመዳብ ጋን ቀቅለው እንፋሎቱን በሰንደል ዘይት ውስጥ በማጠራቀም ይዘጋጃል። በየሱቁ በትንንሽ ጠርሙስ የምናገኘው አብዛኛው ግን በፋብሪካ የተሠራ መዓዛ በሽታ አልባ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀለበት ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3000 ኪሎ በላይ አበባ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በርካሽ የሚሸጠው «ንጹሕ ጽጌረዳ» ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

የሚነፋው ሽቶ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ አልኮል ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ አልኮሉ ቶሎ ይተንና መዓዛውን ይዞ አየሩ ላይ ይበተናል። ለዚህ ነው ገና በር ላይ ሳላችሁ ሰው የሚያውቃችሁ፤ አስም ያለበትን ሰው የሚያስነሳበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘይቱ ግን አይበርም። በሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቅርብ ላለ ሰው ብቻ ይሸታል፣ ሰዓታትም ይቆያል።

አልኮል ቆዳ ያደርቃል፣ የተላጨ ቦታን ያቃጥላል፤ አለርጂ የሚያመጣው ግን ብዙውን ጊዜ መዓዛው ራሱ ነው። በዘይቱ ውስጥ መዓዛው ብዙ ጊዜ ከሚነፋው የበለጠ ወፍራም ነው፤ እዚያው ቦታ ላይም ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። ከተፈጥሮ አበባ የወጣ መሆኑም አያድንም፤ የአበባ ዘይትም አለርጂ ያመጣል። ደግሞ ሽፍታው ወዲያው አይወጣም፤ ከተቀባችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ስለሚመጣ ሰው ትናንት የበላውን ምግብ ይወቅሳል።

እህታችን ሽቶውን አቁማ፣ ለአጭር ጊዜ ያዘዝኩላትን ቀላል ቅባት ተጠቅማ እጇ ዳነ። አንገቷ ግን በ10 ቀኑም አልተሻለም። ግራ ገብቶኝ ሻርፗን አንስቼ ሳሸተው... አሁንም ይሸታል! ዘይት ጨርቅ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ ስላደረገችው አልወጣም። ሻርፖቿንና የትራስ ልብሷን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማ ካጠበች በኋላ ነው ማሳከኩ የቆመው። የቀረው ጥቁረት ለመጥፋት ወራት ሊወስድ ይችላል። (እባካችሁ፣ ጥቁረቱን ላጥፋ ብላችሁ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት በራሳችሁ አትግዙ። ቆዳውን ያሳሳዋል።)

አዲስ ዘይት ስትገዙ መጀመሪያ በክርናችሁ መታጠፊያ፣ ከውስጥ በኩል፣ ትንሽ ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ቀቡ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ወዲያው አቁሙና አጥቡት። ከተስማማችሁ ለቀን አንድ ጠብታ በቂ ነው፤ በጠርሙሱ ኳስ ከሆነ አንዴ ብቻ ዳሰስ ማድረግ። አፍንጫችሁ ስለሚለምደው «አይሸትም» ብላችሁ አትደራርቡ፤ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። በተላጨ፣ በቆሰለ ወይም ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ አይቀባም። ቤርጋሞት ያለበትን ዘይት ደግሞ አንገት ላይ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፤ በፈሰሰበት መስመር ቆዳውን ሊያጠቁር ይችላል።

ቆዳችሁ እምቢ ካለ ልብስ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ቆዳ የማይነካው በኩል፣ ለምሳሌ የካፖርት ገበር ላይ። ነጭ ነጠላ ላይ ግን አይሆንም፣ ቢጫ ምልክት ይተዋል። እህታችን አሁን በጥጥ ነክራ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምትይዘው።