ለማስታወቂያ የከፈልነው ብር ስንት ሽያጭ አመጣ? የቅናሽ ኮድና ሊንክ አጠቃቀም

ዒድ ሲቃረብ አባያ፣ ሒጃብና ጀለቢያ የሚሸጡ ሱቆች ብዙ ተከታይ ላላቸው ቲክቶከሮች ከፍለው ያስተዋውቃሉ። ቪዲዮው በመቶ ሺህ ሰው ይታያል፣ አስተያየቱም ይጎርፋል። ከበዓሉ በኋላ ግን ባለሱቁ ገንዘቡ መመለሱን በእርግጠኝነት አያውቅም። ይህን ማወቅ የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ፤ ዛሬ በአንድ ምሳሌ እንመለከተዋለን። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኛው የወሰድናቸው ናቸው።

አንዲት እህት በቴሌግራም አባያ ትሸጣለች እንበል። አንዱን በ3,000 ብር ትሸጣለች። ጨርቁ፣ ስፌቱና ማድረሻው 2,200 ብር ያወጣል፤ ስለዚህ ከአንድ አባያ 800 ብር ይተርፋታል። ለሁለት አስተዋዋቂዎች ከፈለች። የመጀመሪያው 400 ሺህ ተከታይ ስላለው 30,000 ብር ወሰደ። ሁለተኛዋ 18 ሺህ ተከታይ ይዛ 6,000 ብር ተቀበለች።

የመጀመሪያው ሥራ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ መስጠት ነው፤ ለአንዱ `NUR10`፣ ለሌላዋ `SALAM10`። ኮዱን የተናገረ ገዢ 10 በመቶ ቅናሽ ያገኛል። ኮዱ በቪዲዮ ሲነገር የሚያዝ አጭር ቃል ይሁን፤ የሚያበቃበት ቀንም ይኑረው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኮድ ከተሰጠ ማን ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው የየራሳቸው ሊንክ ነው። በቴሌግራም ለሚሸጥ ሰው እንዲህ ይጻፋል፤ በ`SUQNAME` ቦታ የሱቁ የቴሌግራም ስም ይገባል፦

```
https://t.me/SUQNAME?text=NUR10
```

ይህን የተጫነ ሰው የሱቁ የመልእክት ሳጥን ኮዱ አስቀድሞ ተጽፎበት ይከፈትለታል፤ መላክ ብቻ ይቀረዋል። ሊንኩ እንደ ቢትሊ ባለ ማሳጠሪያ ካለፈ ስንት ጊዜ እንደተጫኑት ይቆጠራል። ሊንኩ ስንት ሰው ፍላጎት እንዳደረበት፣ ኮዱ ደግሞ ስንት ሰው እንደገዛ ይነግረናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ሊንክ 900 ጊዜ ተጭኖ 24 አባያ ተሸጠ። የሁለተኛዋ 210 ጊዜ ተጭኖ 15 ትእዛዝ መጣ። ብዛቱን ብቻ ብናይ የመጀመሪያው የበለጠ ይመስላል። ክፍያውን ለሽያጩ ስናካፍል ግን 30,000 ለ24 ሲካፈል 1,250 ብር ይሆናል። ለገዢው የተቀነሰለት 300 ብርም ወጪ ስለሆነ አንዱ ሽያጭ 1,550 ብር አስወጥቷል። ትርፉ 800 ብር ብቻ ስለነበር በእያንዳንዱ አባያ 750 ብር፣ በጠቅላላው 18,000 ብር ከሰረች። በሁለተኛዋ በኩል 6,000 ለ15 ሲካፈል 400 ይሆናል፤ ቅናሹ ሲጨመርበት 700 ብር። ከአንዱ 100 ብር ተረፋት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ከ15ቱ ትእዛዞች ሦስቱ እቃው ደርሷቸው አንቀበልም ቢሉ ሽያጩ 12 ብቻ ነው። ያኔ የአንዱ ሽያጭ ወጪ 800 ብር ይደርሳል፤ ትርፉም ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ኮዱ የሚቆጠረው ሰው ሲያዝ ሳይሆን ገንዘቡ ሲገባ ነው።

ኮዱ ራሱ የሚያሳስትባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አንደኛ፣ ኮዱ ወደ ሌሎች የቴሌግራም ግሩፖች ሊተላለፍና ማስታወቂያውን ያላዩ የቆዩ ደንበኞች ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እነርሱ ሳይነገራቸውም ይገዙ ነበር፤ ስለዚህ ቅናሹ በከንቱ ሄደ። የገዢውን ስልክ ከድሮው መዝገብ ጋር ማመሳከር ይህን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ቪዲዮውን አይቶ ኮዱን ሳይናገር ሱቅ ድረስ የሚመጣ አለ። ለእያንዳንዱ ገዢ «ከየት ሰሙ?» ብሎ መጠየቅና መመዝገብ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ሦስተኛ፣ በዒድ ሰሞን ያለ ማስታወቂያም ገበያ ይደምቃል። ያለ ኮድ የመጣው ሽያጭ ጨመረ ተብሎ ጭማሪው ሁሉ ለአስተዋዋቂው መቆጠር የለበትም።

ሊንኩና ኮዱ ጎን ለጎን ሲታዩ ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማሉ። የተጫኑት ጥቂት ከሆኑ ተመልካቾቹ አባያ ፈላጊ አይደሉም ወይም ቪዲዮው አልሳባቸውም። ብዙዎች ተጭነው የገዙት ጥቂት ከሆኑ፣ እንደ መጀመሪያው አስተዋዋቂ፣ ዋጋውን፣ ፎቶውንና ሱቁ መልስ ለመስጠት የሚወስደውን ጊዜ መፈተሽ ያስፈልጋል። ለሁለቱም አስተዋዋቂዎች የመለሰው አንድ ሱቅ ከሆነና ልዩነቱ ይህን ያህል ከሰፋ ግን፣ ምክንያቱ የተመልካቾቹ መለያየት ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሂሳብ ለቀጣዩ ድርድርም ይጠቅማል። ከቅናሽ በኋላ ከአንድ አባያ የሚተርፈው 500 ብር ነው። የመጀመሪያው አስተዋዋቂ 24 ሽያጭ ካመጣ፣ ሳይከሰር ሊከፈለው የሚችለው ከፍተኛው 12,000 ብር ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ 30,000 ሲጠይቅ እህታችን ይህን ቁጥር ይዛ ትቀርባለች፤ ወይም ገንዘቡ በገባ በእያንዳንዱ ሽያጭ የተወሰነ ብር እንክፈልህ ትለዋለች። እንዲህ ከተስማሙ ግን የሽያጩን መዝገብ ለእርሱም ማሳየት ይኖርባታል፤ አለዚያ ድርሻው በትክክል ስለመድረሱ ማረጋገጫ አይኖረውም።