የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪን በአጭር ጽሑፍ ማስተዋወቅ

የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ ግብረ ሠናይ ድርጅት ስለ አንድ ባልደረባው ለሕዝብ የሚያቀርበው አጭር መግለጫ ነው። መቶ ቃል ያህል ይበቃዋል። የሚያነቡት ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ የቅዳሜ ጠዋቱን ለመስጠት የሚያስብ ወጣት ነው፤ ሌላዋ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቷ ለማያውቋቸው ጎብኚዎች በር ይክፈቱ አይክፈቱ የምትወስን ልጅ ናት፤ ገንዘብ የሚሰጥ ለጋሽም አለ። ሁሉም ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሰው ያሉትን ያደርጋሉ ወይ?

በአማርኛ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲጀመር እጅ ላይ የሚመጣው ሞዴል በቀብርና በሽኝት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ይልና በትምህርት ቤቶች ስም አልፎ፣ ከሰው ተግባቢና ታታሪ መሆናቸውን ተናግሮ ያበቃል። ያ አጻጻፍ ለቦታው የተገባ ነው፤ የሞተን ሰው ሙሉ ዕድሜ መሰብሰብ አለበት። የአስተባባሪን መግለጫ የሚያነብ ሰው ግን የሚፈልገው ነገ ጠዋት የሚሆነውን ነው። የትውልድ ቦታና የትምህርት ዝርዝር ፊት ሲቀመጡ፣ ዋናው ጉዳይ ላይ ሳይደርስ ንባቡን ይተወዋል።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ ማየት ይሻላል። በአዲስ አበባ ረዳት የሌላቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኞች አሉ እንበል። ጎብኚዎቹ ልብስ ያጥባሉ፣ መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ያመጣሉ፣ ቁጭ ብለው ያጫውታሉ። አስተባባሪዋ በጎ ፈቃደኞቹን ትመዘግባለች፣ ታሠለጥናለች፣ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ትመድባለች። በዋዜማው ማታ ደውላ የነገው ጉብኝት መኖሩን ታረጋግጣለች፤ የተደረገውንና የቀረውንም በመዝገብ ትይዛለች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተመደበው ልጅ ሳይመጣ ይቀራል። ታሞ ይሆናል፣ ፈተና ደርሶበት ይሆናል፤ ደመወዝ የማይከፈለው ሰው አንዳንዴ መቅረቱ አይቀርም። አዛውንቷ ግን የግፊት መድኃኒታቸው አልቆ በር በሩን እያዩ ነው። የአስተባባሪ ታማኝነት የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ተደውሎ ሌላ ሰው እንደሚመጣ ከተነገራቸውና መድኃኒቱ በዚያው ቀን ከደረሰ፣ ሥራው አልተቋረጠም። ማንም ሳይደውል ሰኞ ከደረሰ ግን ያ ቤት ጎብኚውን ዳግመኛ በሙሉ ልብ አይጠብቅም። ጥሩ መግለጫ እንግዲህ ሰው ሲቀር ምን እንደሚደረግ ይናገራል።

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግን እንዲህ ያለ ነው፤ «ወይዘሮ እገሊት ለማኅበረሰባቸው ልዩ ፍቅር ያላቸው፣ ታማኝ፣ ጠንካራና ኃላፊነት የሚሰማቸው አስተባባሪ ናቸው።» ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ስሙን ብቻ ለውጦ ለሒሳብ ሠራተኛም ለጥበቃም መስጠት ይቻላል። አንባቢው በምን አውቃለሁ ብሎ ቢጠይቅ መልስ የለውም።

ያው ሰው እንዲህ ቢቀርብ ይሻላል፦

«ወይዘሮ እገሊት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የቤት ለቤት ጉብኝት በጎ ፈቃደኞችን ያስተባብራሉ። ከዚያ በፊት በዚሁ ሥራ ሁለት ዓመት በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። በአሁኑ ጊዜ 24 በጎ ፈቃደኞች 17 አረጋውያንን በየሳምንቱ ይጎበኛሉ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ጎብኚ ሥልጠና ሰጥተው በመጀመሪያው ቀን አብረው ይሄዳሉ። ጎብኚ ከቀረ በዕለቱ ተተኪ ይመድባሉ፤ ተተኪ ካልተገኘ ራሳቸው ይሄዳሉ። በሚኖሩበት ሰፈር የእድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት በድርጅቱ ስልክ ይገኛሉ።»

እዚህ ውስጥ ታማኝ የሚል ቃል የለም፤ ታማኝነቱ ግን ይታያል። የእድሩ ዓረፍተ ነገር በተለይ ዋጋ አለው። ገንዘብ ያዥ በአባላት ጉባኤ ይመረጣል፣ መዋጮውን ይይዛል፣ ሒሳቡን ለጎረቤቶቹ ያቀርባል፤ ሐዘን ሲደርስ ገንዘቡ ለሐዘንተኛው ቤት መድረስ አለበት። ይህን አደራ ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሰጡ የኢትዮጵያ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። ከሥራ ውጭ ያለ አገልግሎት በመግለጫው የሚገባው እንዲህ ስለ ሥራው የሚመሰክር ሲሆን ነው።

ቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመዝገብ ስማቸው ያለ ሁሉ በጎ ፈቃደኞች አይደሉም፤ ተመዝግበው አንድ ቀን እንኳ ያልመጡ አሉ። የሚጻፈው ባለፉት ጥቂት ወራት በተግባር የሠሩት ብዛት ነው፤ የሚገኘውም ከጉብኝት መዝገቡ ነው። ጉብኝቱን የሚያደርጉት ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው። «17 አረጋውያንን ይንከባከባሉ» ብሎ ሁሉንም ለአስተባባሪዋ መስጠት የሌሎችን ድካም መውሰድ ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ ሲያነቡት ቅር ይላቸዋል፣ ቅር መሰኘታቸውም ትክክል ነው። መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ከመካከላቸው አንዱ ቢያነበው እንዲህ ያለው ስሕተት ቶሎ ይያዛል።

የማይጠበቅ ቃል መግባትም ጉዳት አለው። «ቀርተው አያውቁም» የሚለው በአንድ ሕመም ይፈርሳል። «በማንኛውም ሰዓት ይገኛሉ» ከተባለ ደግሞ ቤተሰብ እኩለ ሌሊት ላይ አምቡላንስ መጥራት ሲገባው አስተባባሪዋ ጋ እየደወለ ጊዜ ያጠፋል። የሚገኙበትን ሰዓት በግልጽ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ስልኩም የድርጅቱ ይሁን፤ የግል ቁጥር አንዴ ከወጣ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መታወቅ አለበት። ውጭ ያለ አንባቢ 2011ን በፈረንጆች አቆጣጠር ቢረዳው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሳሳታል፤ የአገልግሎት ዘመን ሲሆን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። አንቱታውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። ወጣት አስተባባሪ ራሷ «ሠልጥና፣ መድባ» ተብሎ እንዲጻፍላት ልትመርጥ ትችላለች፤ መጠየቅ ነው። በመሐል ከ«ያስተባብራሉ» ወደ «ታስተባብራለች» መዝለል ግን ጽሑፉ ተቀጣጥሎ የተሠራ መሆኑን ያሳብቃል።

ከሁሉ በላይ የተረጂዎች ገመና መጠበቅ አለበት። አስተባባሪዋ በአንዲት አዛውንት አልጋ አጠገብ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ ሥራቸውን ያሳይ ይሆናል፤ የአዛውንቷን ድህነትና ሕመም ግን ለአገር ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መካከል ያስቀምጠዋል። ለአስተባባሪ መግለጫ የአስተባባሪዋ ፊት ብቻ ይበቃል፤ የሰፈርና የቤት ምልክትም አያስፈልግም።

አስተባባሪ ሥራ ሲለቅ መግለጫው በዚያው ዕለት መነሣት ወይም በተተኪው መለወጥ አለበት፤ ካልሆነ ቤተሰቦች ጎብኚ ቀርቶባቸው ሲጨነቁ የሚጠይቁት በቦታው የሌለ ሰው ይሆናል። ቁጥሮቹም በየስድስት ወሩ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከሩ። ይህን የሚያደርግ ሰው በስም ያልተመደበበት ድርጅት መግለጫውን ባያወጣ ይሻለዋል።