ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መጽሐፍ ፕሮፖዛል፦ የምዕራብ ጎጃም የመሬት ታሪክ እንደ ምሳሌ

በአገራችን መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ብዙ ጊዜ የማተሚያ ወጪውን ራሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉንም ራሱ ለመደብሮች ያከፋፍላል። ስለዚህ ከመጽሐፉ በፊት ፕሮፖዛል መጻፍ ያልተለመደ ነው። የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወይም ሌላ አሳታሚ ወጪውን ሲሸከም ግን ነገሩ ይለወጣል። ፕሮፖዛሉን መጀመሪያ አርታኢው፣ ቀጥሎ የመስኩ ገምጋሚዎች፣ በመጨረሻም የአሳታሚው ቦርድ ያነቡታል፤ ሁሉም መጽሐፉ ለማን እንደሚጠቅምና ምን አዲስ ነገር እንደሚያመጣ ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በሦስቱ የፕሮፖዛል ክፍሎች እንዴት እንደሚመለስ በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

ምሳሌው ለማብራሪያ ብቻ የታሰበ ነው። አንድ ተመራማሪ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ከርስት ሥርዓት እስከ 1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ያለውን ታሪክ አጥንቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ጨርሷል እንበል። የርስትን ሥርዓት በጉልምስና የኖሩበት ሽማግሌዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሆነ፣ የሰበሰበው ቃል በመደርደሪያ ላይ መቅረቱ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍል የገበያ ትንተናው ነው። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ «በዚህ ርእስ የተጻፈ መጽሐፍ የለም» ይላሉ። አርታኢው ይህን ሲያነብ ወይ አንባቢ የለም፣ ወይ ጸሐፊው አላነበበም ብሎ ይጠራጠራል። የሚሻለው ጎረቤት የሆኑትን አራት ወይም አምስት መጻሕፍት ከነአሳታሚያቸውና ከነዘመናቸው ዘርዝሮ፣ እያንዳንዱ የት እንደቆመ ማሳየት ነው። በምሳሌያችን አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የርስትን አሠራር ከአብዮቱ በፊት በነበረበት ሁኔታ ያስረዳል። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ የጎጃምን የ1960 ዓ.ም. ዐመፅ ከትግራይና ከባሌ ዐመፆች ጋር ያነጻጽራል። አዲሱ መጽሐፍ የሚይዘው ቦታ ከዚህ ይታያል፤ በአንድ አካባቢ ርስትን፣ የየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅንና የ1989ን ሽግሽግ በተከታታይ ማንበብ ነው። አንባቢውም «መላው ኢትዮጵያዊ» ሳይሆን የታሪክና የሶሺዮሎጂ ተማሪ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያና የሕግ ሰው ተብሎ በስሙ ይጠራል። መጽሐፉን ሊጠቀሙበት የሚችሉ ኮርሶች ካሉም ይጠቀሳሉ።

ሁለተኛው የምዕራፎች ዝርዝር ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ማውጫ እንዳለ ሲገለበጥ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝትና የጥናት ዘዴ ራሳቸውን የቻሉ ምዕራፎች ሆነው ይቀራሉ። ለፈታኞች አስፈላጊ ነበሩ፤ በመጽሐፉ ግን ከፊሉ ወደ መግቢያው፣ ከፊሉ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የሚጻፈው አንቀጽ ርእሰ ጉዳዩን ሳይሆን ክርክሩን መናገር አለበት። «ይህ ምዕራፍ ስለ 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ያትታል» ማለት ለአርታኢው ምንም አይነግረውም። «ገበሬው ያመፀው በግብሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ግመታው ወደ መሬት ልኬት፣ ልኬቱም ወደ ርስት ማጣት ይወስዳል ብሎ በመስጋቱ ነው፤ ምዕራፉ ይህን ስጋት በቡሬ አካባቢ ሽማግሌዎች ቃል ይፈትሻል» ሲባል ግን ክርክሩም ማስረጃውም ይታያል። አንቀጾቹን ብቻ በተከታታይ ያነበበ ሰው የመጽሐፉን ሐሳብ ካልተረዳ፣ ችግሩ ከአንቀጾቹ ይልቅ በምዕራፎቹ አደራደር ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው የናሙና ምዕራፍ ነው። አሳታሚው በግልጽ ካልጠየቀ በቀር መግቢያውን መላክ አይበጅም፤ መግቢያ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ ሲሠራ አያሳይም። በምሳሌያችን የሚመረጠው የ1989ን ሽግሽግ የሚተርከው ምዕራፍ ነው፤ ሰነዱና የቃል ምስክርነቱ የሚጋጩት እዚያ ነውና። ምዕራፉን ሌላውን ክፍል ላላየ ባልደረባ ሰጥቶ «እላይ እንደተገለጸው» የሚሉ ሐረጎች የት እንዳደናቀፉት መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሽግሽጉ ጊዜ «ቢሮክራት» ተብለው የተፈረጁና ከመሬታቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች፣ መሬቱን ከወሰዱት ጋር ዛሬም በአንድ ቀበሌ ጎረቤት ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሰጡት ፈቃድ ገበያ ላይ ለሚውል መጽሐፍ በቂ ነው ብሎ መገመት አይገባም። ናሙናው ለአሳታሚ ከመላኩ በፊት ፈቃዱ ይታደሳል፤ ካልሆነም ስምና መለያ ይለወጣል። ፕሮፖዛሉም ይህን ጉዳይ ከጽሑፉ ርዝመት፣ ከማስረከቢያው ጊዜና ከመመረቂያ ጽሑፉ ምን ያህሉ እንደተወሰደ ጋር በግልጽ ያስፍራል። ገምጋሚው ራሱ ደርሶበት ከሚጠይቅ፣ ጸሐፊው አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል።