ደረጃውን ከጭስ ማዳን

ምድር ላይ ካፌና የልብስ ሱቅ፣ ከላይ ቢሮዎች ያሉት፣ መውረጃው አንድ ደረጃ ብቻ የሆነ ጂ+3 ሕንፃ እናስብ። በካፌው ኩሽና ዘይት ቢቀጣጠል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ሠራተኞች ቀድሞ የሚደርስባቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ያልተከለለ ደረጃ ጭሱን ሽቅብ ይስበዋል፤ መውጫቸውም እዚያው ይዘጋል።

ስለዚህ የሕንፃው የእሳት መከላከያ ዕቅድ ከደረጃው ይጀምራል። ደረጃው በብሎኬት ግድግዳ ይከለላል። ከካፌውና ከየፎቁ ወደ ደረጃው የሚያስገቡት በሮች ለምሳሌ ለ30 ደቂቃ እሳት የሚቋቋሙና በራሳቸው የሚዘጉ ይሆናሉ። ለገመድና ለቧንቧ የተበሱ ቀዳዳዎችም እሳት በሚቋቋም ማሸጊያ ይደፈናሉ። በኩሽናው የሚገጠም የሙቀት ጠቋሚ የሁሉንም ፎቅ ደወል ካሰማ፣ ሰዎቹ ደረጃው ንጹሕ ሳለ ይወርዳሉ። ነገር ግን በሩ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ከዋለ ወይም ደረጃ ሥር ካርቶን ከተከመረ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

እሳት ማጥፊያው ከምድጃው ጎን ሳይሆን መውጫው በር አጠገብ ይሰቀላል፤ የሚያጠፋው ሰው ማምለጫው ከኋላው መሆን አለበት። ለኩሽናው ለዘይት እሳት የተሠራው ፈሳሽ ኬሚካል፣ ለኤሌክትሪክ ሳጥኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመረጣል። የሚነድ ዘይት ላይ ውኃ ቢደፋ በቅጽበት ተንኖ እሳቱን ይረጨዋል።

የእጅ ማጥፊያ ብዙውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እሳቱ ካልጠፋ በሩን ዘግተው ይውጡና፣ አዲስ አበባ ከሆኑ 939 ይደውሉ።