ጎንበስ ማለት ለተሰበረ አከርካሪ መድኃኒት አይደለም

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወረው ምክር አጭርና ቆራጥ ነው፦ «ወገብሽን የሚያምሽ አጥንቱ ስለተንሸራተተ ነው። በየጠዋቱ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪና ጎንበስ ብለሽ የእግር ጣትሽን ንኪ፤ ወደ ቦታው ይመለሳል።» ለጤነኛ ወጣት ይህ ከሰውነት ማፍታቻነት አያልፍ ይሆናል። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ላለፏቸውና አከርካሪያቸው ለተሰበረ እናት ግን ሁለተኛ ስብራት የሚጠራ ምክር ነው። የተንሸራተተ አጥንት የለም፤ ወደ ቦታው የሚመለስም የለም። ያለው ስብራት ነው።

ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት የሚያፈርሱት ሴሎች ከሚገነቡት ይበልጥ ይሠራሉ፤ አጥንት ይሳሳል። ይህን ያህሉ በየጤና ትምህርቱ ይነገራል። እምብዛም የማይነገረው አከርካሪ ከብዙው አጥንት ቀድሞ የሚጎዳው ለምን እንደሆነ፣ ሲሰበርም ለምን በፊት ለፊቱ በኩል እንደሚጨፈለቅ ነው።

የአከርካሪ አጥንት ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ በቀጫጭን ዘንጎች የተሞላ ነው። ከፊሎቹ ዘንጎች ቆመው ሸክም ይቀበላሉ፤ ከፊሎቹ አግድም ሄደው የቆሙትን እርስ በርስ ያስራሉ። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ ጣሪያውን የሚሸከመው ቋሚው ቢሆንም፣ ቋሚው እንዳይጎብጥ የሚይዘው ማገሩ ነው። አጥንት ሲሳሳ በብዛት ቀድመው የሚጠፉት እነዚያ አግድም ዘንጎች ናቸው። የቆመ ቀጭን ዘንግ ያለ ድጋፍ የሚቆምበት ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ሳይጎብጥ ሊሸከም የሚችለው ክብደት በሒሳቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በምርመራ የታየው የአጥንት መቀነስ ትንሽ ቢመስልም የጠፋው ጥንካሬ ብዙ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ጎንበስ ማለት ሲጨመር ምን እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት የ64 ዓመት እናት ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ከመሬት ያነሣሉ እንበል። ጀሪካኑ 20 ኪሎ ነው፤ ከአከርካሪያቸው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ርቋል። ያንን ክብደት ከኋላ ሆነው የሚመልሱት የጀርባ ጡንቻዎች ግን ከአከርካሪው መሐል የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ርቀቱ ስምንት እጥፍ ስለሆነ ጡንቻዎቹ ወደ 160 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት መሳብ አለባቸው። የጀሪካኑ ክብደትና የጡንቻዎቹ ስበት ተደምረው በአከርካሪው ላይ 180 ኪሎ ያህል ጫና ይጥላሉ፤ የጎነበሰው የላይኛው አካል ክብደት ገና አልተቆጠረም። ከዚህ የሚበዛው የሚያርፈው በአጥንቱ የፊት ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ይጨፈለቃል፣ የኋላው ቁመት ይቀራል፤ አጥንቱም እንደ ሽብልቅ ይሆናል። ያው ጀሪካን ከሆድ ጋር ተጠግቶ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያዝ ጫናው ወደ 100 ኪሎ ይወርድ ነበር።

እኚህ እናት በዚያች ቅጽበት በጀርባቸው መሐል ወይም ከወገባቸው ከፍ ብሎ ድንገተኛ ሕመም ይሰማቸዋል። ሲቆሙና ሲራመዱ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ቀለል ይላል። ከጎን የተነሣ ራጅ ስብራቱን አብዛኛውን ጊዜ ያሳያል። ችግሩ ብዙዎቹ ስብራቶች «የእርጅና ወገብ ሕመም» ተብለው ያለ ራጅ መታለፋቸው ነው። ሌላው ስሕተት ተቃራኒው ነው፤ የተጨፈለቀውን ሁሉ በመሳሳት ማመካኘት። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ቲቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎረቤት አጥንቶችን ከመሐላቸው ካለው ዲስክ ጋር ሲበላ፣ የመሳሳት ስብራት ዲስኩን ይተወዋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ጋደም ብለውም የማይለቅ ሕመም ካለ ቲቢም ካንሰርም መመርመር አለበት። እግር ከዛለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጀርባን ማስጫን በየትኛውም ሁኔታ አይገባም።

ሕመሙን ማስታገስ የሚያስፈልገው ታማሚው እንዲንቀሳቀስ ነው። መነሻው ፓራሲታሞል ነው፤ «ሲብስብኝ» እየተባለ ሳይሆን በሰዓቱ ሲወሰድ ይሻላል። በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፤ ለደከሙና ኪሎአቸው ለቀነሰ አረጋውያን፣ እንዲሁም ጉበታቸው ለታመመ ሐኪሙ ከዚያም ያሳንሰዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያግዛሉ፤ ነገር ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት በራሱ ገዝቶ መዋጥ የለበትም። ትራማዶል ለጥቂት ቀናት ሊታዘዝ ይችላል፤ ግን ያዞራል፣ ያዞረ ሰው ይወድቃል። ሆድም ያደርቃል፤ በማማጥ ደግሞ ጀርባ ይታመማል። መኝታው ከሁለት ሦስት ቀን ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅም መኝታ ራሱ አጥንትና ጡንቻ ያሳሳል። ሲነሡም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይደለም፦ ጉልበትን አጥፎ ትከሻንና ዳሌን አንድ ላይ ወደ ጎን ማዞር፣ እግርን ከአልጋው ማውረድ፣ በክንድ ገፍቶ መነሣት ነው። አብዛኛው ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳል።

ወደ ልምምዱ እንመለስ። በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪም መህርሺድ ሲናኪና ባልደረባቸው ከማረጥ በኋላ አከርካሪያቸው የሳሳ 59 ሴቶችን ተከታትለው ውጤቱን አሳተሙ። ጀርባን ወደ ኋላ የሚያቀና ልምምድ ከሠሩት 16 በመቶው አዲስ የአከርካሪ ጉዳት ሲታይባቸው፣ ወደ ፊት የሚያጎነብስ ከሠሩት 89 በመቶው ላይ ታየ። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው፤ ግን አያያዙን ማወቅ ይገባል። ሴቶቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ የጎንባሾቹ ቡድን ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ማቅናት ስብራትን ይከላከላል የሚል ጠንካራ ማረጋገጫም እስካሁን የለም። ቢሆንም የጥናቱ አቅጣጫ ከላይ ካየነው ሒሳብ ጋር ይስማማል፤ ለማስጠንቀቂያ ይህ ይበቃል።

የመጀመሪያው አጣዳፊ ሕመም ሲበርድ በጀርባ ጋደም ብሎ፣ ጉልበት አጥፎ፣ የትከሻን አጥንቶች ወደ ፍራሹ መጫንና እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ ጥሩ ጅማሬ ነው። ቀጥሎ ጀርባን ከግድግዳ አስጠግቶ መቆም፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሣት፣ በደልዳላ መንገድ በእግር መሄድ ይጨመራል። በሆድ ተኝቶ ደረትን ማንሣት የሚመጣው በኋላ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት ነው። ጣት መንካት፣ የሆድ ጡንቻ ለማጠንከር ከተኙበት መነሣት፣ ሸክም ይዞ ወገብን መጠምዘዝ ይቅር።

በየቤቱ ያለው ጎንበስታም ይታሰብ። ልብስ በሳፋ መሬት ላይ ከማጠብ ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ቡና ሲቆላ ማንደጃውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በሕማማት ደጋግመው የሚሰግዱ እናቶች ሕመማቸውን ለንስሐ አባታቸው ቢነግሩ፣ ሙስሊሞችም ሶላትን ተቀምጠው ቢሰግዱ ይመረጣል፤ ለታመመ ሰው ይህ የተፈቀደ ነው።

ሕመሙ ሲጠፋ ግን ጉዳዩ አያልቅም። አከርካሪያቸው ከተሰበረ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ የአከርካሪ ስብራት እንደሚደርስባት በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት አሳይቷል። አጥንትን የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ በሳምንት አንዴ የሚዋጠው አሌንድሮኔት፣ ይህን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። ስለዚህ እናቱን ወደ ክሊኒክ የሚወስድ ልጅ ማስታገሻ ይዞ ከመመለሱ በፊት ሐኪሙን «ለአጥንቱስ ምን ይታዘዝላቸዋል?» ብሎ ይጠይቅ።